በፎቶው ጥግ የቀረ ቀን፦ ከአንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ የቀን ማህተም የተቆረጠበት ሥራ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ትንሽ የፎቶ ቤቴ ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ መጣች። በእጇ አንድ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የታተመ ፎቶግራፍ፣ በስልኳ ደግሞ ያንኑ ፎቶግራፍ ራሷ አንስታና ቆርጣ ያዘጋጀችውን ቅጂ ይዛ ነበር። ለእናቷ በ20 በ25 ፍሬም አስገብታ ልትሰጥ ፈልጋ፣ በቀኝ በኩል ከታች ጥግ ላይ የተጻፈው ብርቱካናማ ቀን አላስደሰታትም። በስልኳ የቆረጠችው ቅጂ ቀኑን በእርግጥ አጥፍቶታል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ሰሌን ላይ የተቀመጡት የሦስቱ ሕፃናት እግር ከቁርጭምጭሚት ላይ ተቀንጥሷል። ጫማዎቹ ደግሞ ለበዓሉ የተገዙ አዲስ ጫማዎች ናቸው፤ ልጆቹም እግራቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተው የተቀመጡት እነርሱን ለማሳየት መሆኑ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ምኑ እንደ ሆነ አላውቅም እንጂ የሆነ ነገር ተበላሽቷል» አለችኝ። «አብሽሪ» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኋት።

የተበላሸው ነገር የመጣው ከስልኩ የመቁረጫ ስልት ነው። ስልኩ የፎቶውን የጎን ልኬት ጠብቆ፣ ማለትም ስፋቱን ሦስት ቁመቱን ሁለት እጅ አድርጎ፣ ጥጉን ወደ ውስጥ ሲገፉት ከቀኝም ከታችም በእኩል ምጣኔ ይቆርጣል። ቀኑ ያለው ከታች ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ከታች እስኪጠፋ ድረስ የተጎተተው ጥግ እግሮቹን ይዞ ሄደ። ሰውን በመገጣጠሚያ ላይ፣ ማለትም በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበት፣ በእጅ አንጓ ወይም በክርን ላይ መቁረጥ ፎቶውን የሚያይ ሁሉ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚሰማው ስህተት ነው። ከጉልበት ጥቂት ከፍ ብሎ የተቆረጠ ሰው ሙሉ ይመስላል፤ ከቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ግን አካሉ የጎደለ ያህል ይሆናል።

ከሁሉ በፊት የተጻፈው ቀን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው ነገር የፎቶው ብቸኛ የቀን ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ «1 7 '99» ይላል። እንዲህ ያለው ቀን ከታተመ በኋላ በወረቀቱ ላይ የተጻፈ ሳይሆን ካሜራው ራሱ በጥቃቅን መብራቶች ፊልሙ ላይ ያቃጠለው ነው። ስለዚህ ኔጋቲቩ ቢገኝና እንደገና ቢታተም እንኳ ቀኑ አይጠፋም። የካሜራው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ይሠራል፤ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ደግሞ ባለቤቱ ይመርጣል። ወር ቀድሞ ከሆነ ጃንዋሪ 7 ቀን 1999፣ ማለትም ታኅሣሥ 29 ቀን 1991 ዓ.ም. የገና ዕለት ነው። ቀን ቀድሞ ከሆነ ግን ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ይሆናል።

በፎቶው ላይ መሬቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፣ ጥላዎቹም ስል ናቸው። እንዲህ ያለ ፀሐይ በሰኔ መጨረሻ ደሴ ላይ ፈጽሞ አይወጣም ባይባልም ገናን ያስገምታል። ግምት ግን ግምት ነው። ስለዚህ ልጅቱን ከዚያው ፊልም የታተመ ሌላ ፎቶ እንዳለ ጠየቅኋትና በማግሥቱ «1 19 '99» የተጻፈበትን አንድ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አሥራ ዘጠነኛ ወር ስለሌለ የመጀመሪያው ቁጥር ወር ነው ማለት ነው። ጃንዋሪ 19 ደግሞ ጥር 11 ነው፤ በፎቶውም ላይ ታቦት ሲሸኝ ይታያል። ባትሪው ተነቅሎ የተበላሸ ሰዓት ሁለት በዓላትን በትክክል ሊያገጣጥም ስለማይችል ቀኑን አመንሁት። ይህን ሁሉ ሳላረጋግጥ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህ የየትኛው በዓል ነው በሚል ቤተሰቡ ሲከራከር የሚያስታርቅ ነገር አይኖርም ነበር።

ወረቀቱን በ600 ዲ.ፒ.አይ. ስካን አደረግሁት። በዚህ ጥራት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 24 ፒክስል ገደማ ይይዛል፤ ፎቶውም በሙሉ 3600 ፒክስል ስፋትና 2400 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። የስካነሩን በራሱ የመቁረጥ አሠራር አጥፍቼ በወረቀቱ ዙሪያ ጥቂት ባዶ ቦታ ተውሁ፤ ማሽኑ ጠርዙን ራሱ ሲፈልግ ነጣ ያለውን የግድግዳ ክፍል እንደ ባዶ ቆጥሮ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። ወረቀቱ በመስታወቱ ላይ ጥቂት ዘሞ ስለነበር መጀመሪያ አቀናሁት። መቁረጥ ሁልጊዜ ከማቅናት በኋላ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ፎቶ ሲዞር ጥጎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ያንን ለመሸፈንም ሌላ ቁራጭ ይጠፋል፤ በዚህ ስፋት ላይ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ማዞር እንኳ ከጠርዙ 40 ፒክስል ያህል ይወስዳል። የበሩ መቃንም ትንሽ ያዘነበለ ነበር፤ ያ ግን የፎቶ አንሺው እጅ እንጂ የስካኑ ጥፋት አይደለምና አልነካሁትም።

ከዚያ በኋላ ገና ምንም ሳልቆርጥ ልኬቶቹን ወሰድሁ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ውሳኔው በሙሉ የሚወጣው ግን ከዚሁ ነው። ከግራ ጠርዝ ሲቆጠር አያትየው ለብሰውት የተቀመጡት ጋቢ በ420 ፒክስል ይጀምራል። በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ የቆመው አጎት ክርኑ 3050 ላይ ያበቃል፤ እግሩ ደግሞ ከላይ ሲቆጠር 2050 ላይ ነው። የልጆቹ ጫማ 2290 ድረስ ይወርዳል። በቀኝ ጥግ አንድ የእንጨት ሙቀጫ ቆሟል፤ ከ3210 ይጀምራል። ቁጥሮቹ ራሳቸው ከ2900 እስከ 3370 የሚደርሱ ሲሆን ቁመታቸው ከ2160 እስከ 2235 ነው። ነገር ግን የመብራቱ ብርሃን ፊልሙ ላይ ስለፈሰሰ በዙሪያቸው 15 ፒክስል ያህል ቀላ ያለ ጭጋግ አለ። ማህተሙ የሚባለው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ጭጋጉም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ድንበር ከ2885 እስከ 3385፣ ከ2145 እስከ 2250 ነበር።

በእነዚህ ቁጥሮች ሲታይ ቀኑን በመቁረጥ ብቻ ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም አያዋጡም። ከታች ብቻ ከተቆረጠ 2140 ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ 260 ፒክስል፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ 11 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ ይህም የልጅቱ ስልክ ከታች በኩል የሠራው ነው፣ ጫማዎቹን ይወስዳል። ከቀኝ ብቻ ከተቆረጠ ደግሞ 2880 ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ የፎቶው አንድ አምስተኛ ይጠፋል፤ አጎትየውም በክንዱ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ዘመድ ፎቶው ላይ ተገኝቶ ግማሽ ከሚሆን ቀኑ እንዳለ ቢቆይ ይሻላል፤ ይህን ቤተሰቡን ሳልጠይቅ ራሴ ወሰንሁ።

መውጫውን የሰጠኝ ፍሬሙ ነው። ፎቶው ሦስት ለሁለት ሲሆን 20 በ25 ፍሬም አምስት ለአራት ነው። ሙሉ ቁመቱን፣ ማለትም 2400 ፒክስሉን ከያዝሁ፣ ስፋቱ 3000 ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀኑ ኖረም አልኖረም ከጎን 600 ፒክስል መቆረጡ አይቀርም። 3000 በ2400 ደግሞ በ300 ዲ.ፒ.አይ. ሲታተም ልክ 20 በ25 ይሞላል፤ ሳይለጠጥ፣ ጥራቱም ሳይቀንስ። ቁመቱ ሳይነካ መቅረቱም ከላይ የሚታየውን የጦሳን ትከሻ አተረፈልኝ። የቀረው ጥያቄ ያ 600 ፒክስል ከግራ ምን ያህል፣ ከቀኝ ምን ያህል ይነሣ የሚለው ብቻ ነበር።

ቀላሉ መልስ ሰዎቹን መሐል ማድረግ ነው። ሰዎቹ ከ420 እስከ 3050 ስለሚይዙ፣ ከ235 ጀምሮ 3235 ላይ ቢቆረጥ በሁለቱም ወገን 185 ፒክስል ይቀራል። ሞከርሁት፤ አልወደድሁትም። አንደኛ፣ ሙቀጫው ከጠርዙ ላይ እንደ ቀጭን የእንጨት ቅርፊት 25 ፒክስል ብቻ ብቅ ይላል፤ ምን እንደ ሆነ የማይታወቅ ቁራጭ ከጠርዝ ላይ ሲቀር ዓይንን ከሰዎቹ ነጥቆ ወደ ራሱ ይወስዳል። ነገር ከሆነ ሙሉ ይግባ፣ ካልሆነም ሙሉ ይውጣ። ሁለተኛ፣ አያትየው ወደ ግራ ዞረው ከፎቶው ውጭ ያለን ሰው ይመለከታሉ፤ አጎትየው ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ልጆቹ ነው የሚያየው። ሰው ወደሚመለከትበት አቅጣጫ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በግራ በኩል ሰፋ፣ በቀኝ በኩል ጠበብ ያለ ባዶ ቦታ በዚህ ፎቶ ላይ ሚዛን አይነሣም፤ እንዲያውም እኩል ከሚሆን ይልቅ የተረጋጋ ይመስላል።

በዚህ አስተሳሰብ ገፍቼ ሄድሁና ከ150 እስከ 3150 ቆረጥሁ። የማህተሙን ግማሽ የሚጠጋ ክፍል ይዞ ወጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የቀረውን፣ «1» እና «7»ን፣ ቄጤማው ላይ ያለ ስለሆነ በቄጤማ ሸፈንሁት። አተምሁና ፍሬሙ ውስጥ አስገባሁት። ያን ጊዜ ነው ጥፋቴ የታየኝ፤ የፍሬሙ ከንፈር በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በዚህ ህትመት ላይ 60 ፒክስል ማለት ነው። ለአጎትየው ክርን የተውሁት 100 ፒክስል 40 ሆነ፣ ማለትም ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል የማይሞላ። ክርኑ እንጨቱን ሊነካ ደረሰ፤ ሰውየው በር ተዘግቶበት የተጨመቀ ይመስላል። በስክሪን ላይ ፍጹም ደኅና የነበረ ቁርጥ ነው። ብዙ ወረቀት ካበላሸሁ ሰው ይህ ስህተት አይጠበቅም ነበር፤ ሆኖም ቀኑን ለማሳነስ የነበረኝ ስስት ዓይኔን ጋርዶታል።

ሁለተኛው ቁርጥ ከ200 እስከ 3200 ሆነ። ሙቀጫው የሚጀምረው 3210 ላይ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ አንድም ቅርፊት አይቀርም። ከንፈሩ ከተቀነሰ በኋላ ለአጎትየው 90 ፒክስል፣ ለአያትየው 160 ፒክስል ይተርፋል። ከታች ከልጆቹ ጫማ በታች የሚተርፈው 50 ፒክስል ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ግን ከዚያ በታች የተነሣ ነገር ስለሌለ የምጨምረው አልነበረኝም። በዚህ ቁርጥ የሚቀረው የማህተም ክፍል ከፊተኛው በ50 ፒክስል ሰፋ፤ ከ2885 እስከ 3200። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ በተቃራኒው አስብ ነበር፤ የቻልሁትን ያህል በመቁረጥ አጥፍቼ ሽፋኑን ማሳነስ። በዚህ ሥራ ግን ቁርጡ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስኑት ሰዎቹ፣ ፍሬሙና ሙቀጫው ሆኑ፤ ማህተሙ ድምፅ አልነበረውም። ከቁርጡ የተረፈውን ደግሞ ሽፋን ይይዘዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች «'99» አብዛኛው ክፍላቸው በሙቀጫው እግር ላይ ስለነበረ፣ ለመሸፈን አስቸጋሪ የሆነው የእንጨት ክብና ጥላው ከቁርጡ ጋር አብሮ ሄዷል። ለእጄ የቀረው ቄጤማ ብቻ ነው፤ ቄጤማ ደግሞ ይቅር ባይ ነው።

ሽፋኑን የሠራሁት በፎቶሾፕ Clone Stamp ነው። Healing Brush የሚባለው መሣሪያ ዳር ያለውን ቀለም ወደ ውስጥ እያዋሐደ ስለሚሠራ፣ ከብርቱካናማው ጭጋግ አንዲት ክር እንኳ ውጭ ከቀረች ያንኑ ቀለም በቄጤማው ላይ ይቀባዋል፤ ቁጥሩ ጠፍቶ ቀይ ደመና ይቀራል። ከመሸፈኔ በፊት Channels ውስጥ ገብቼ Blue የሚለውን ብቻ ተመለከትሁ። የማህተሙ መብራት ቀላ ያለ ስለሆነ የፊልሙን ሰማያዊ ክፍል እምብዛም አልነካውም፤ ስለዚህ በዚያ ግራጫ ምስል ላይ ቁጥሮቹ ደብዝዘው ከሥራቸው ያሉት የቄጤማ ዘንጎች ወዴት እንደሚሄዱ ይታያል። እውነተኛው መሬት ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሸፈነው በግምት አይሆንም።

የሚቀዳውን ቄጤማ የወሰድሁት ከማህተሙ ትይዩ በስተግራ ካለው ቦታ እንጂ ከበላዩ ወይም ከበታቹ አይደለም። ለካሜራው የቀረበ ቄጤማ ወፍራም፣ የራቀው ቀጭን ነው፤ ከላይ የተወሰደ ቁራጭ ወደ ታች ሲመጣ ልኩ አይገጥምም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመቅዳት ይልቅ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ጥቂት ጥቂት ወሰድሁ፤ ያው ዘንግ ሁለቴ ጎን ለጎን ከታየ ሽፋኑ ወዲያው ይጋለጣል። ብሩሹን ጠርዙን ጥቂት ብቻ አለሰለስሁት። በጣም ሲለሰልስ የፊልሙ ቅንጣት ይሟሟና በጥርት ባለ መሬት መሐል የደበዘዘ ነጠብጣብ ይፈጠራል። ሥራው እንዳለቀ ለማረጋገጥ Hue/Saturation በጊዜያዊ ንብርብር ጨምሬ የቀለሙን ኃይል ወደ ላይ ገፋሁት፤ ያልታየኝ የጭጋግ ቅሪት ከታች በኩል እንደ ብርቱካን ክር ወጣ። እርሱንም ሸፈንሁና ንብርብሩን አጠፋሁት። በመጨረሻ ፎቶውን አግድም ገልብጬ አየሁት፤ ዓይን የለመደውን ምስል ሲገለበጥ እንደ አዲስ ስለሚያየው የተደጋገመ ነገር ካለ ያገኘዋል። አልነበረም።

የቁርጡን ፋይል ሳስቀምጥ Delete Cropped Pixels የሚለውን ምልክት ቀድሜ አንሥቼው ነበር። ምልክቱ ካለ ከጠርዝ ውጭ የወጣው ለዘለዓለም ይጠፋል፤ ከሌለ ግን ተደብቆ ይቆያል፣ ፋይሉ በPSD ወይም ንብርብሮቹን በያዘ TIFF እስከተቀመጠ ድረስ። ለህትመት የሚሄደው JPEG ግን የተደበቀውን አይዝም። ከዚህ ሌላ ያልተነካውን ስካን በሙሉ ስፋቱ፣ ማህተሙ እንዳለበት፣ ለብቻው አስቀመጥሁ። በፋይሉ ስም ላይም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍሁ። ወረቀቱን ራሱን በመቀስ መንካት ደግሞ በፎቶ ቤቴ የማይፈቀድ ነገር ነው፤ ደንበኛው ቢለምንም።

ልጅቱ ፍሬሙን ወስዳ በሳምንቱ ደወለች፤ እናቷ ስልኩን ተቀበሏት። ምርቃታቸውን ጨርሰው «ልጄ፣ ሙቀጫው የት ሄደ?» አሉኝ። የእናታቸው ሙቀጫ ኖሯል፤ እኔ ስለ ሰዎቹ ብቻ ሳስብ ዕቃው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ሙቀጫው ሙሉ ይግባ ከተባለ ስፋቱ ከፍሬሙ ምጣኔ እንደሚያልፍ፣ ከላይና ከታች ነጭ ቦታ እንደሚተርፍና ሰዎቹም እንደሚያንሱ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው እሱ ባለበት ይቆይ፣ ትንሿን ደግሞ ስጠኝ፤ ቀኑም ይኑርባት» አሉ።

ሙሉውን ስካን ማህተሙም ሙቀጫውም እንዳሉበት በ10 በ15 አተምሁ። በጀርባው በእርሳስ «ገና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1991 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁበትና ለልጅቱ ሰጠኋት፤ ከፍሬሙ ካርቶን በስተጀርባ፣ በትልቁ ፎቶ ጀርባ እንዲቀመጥ ነገርኋት።